በወር 20 ለሚያስቀምጥ ሰው «ሺህ እስኪሞላ ጠብቅ» የሚለው ምክር ስንት ያስከፍለዋል?

«በወር 20 ይዘህ ኢንቨስተር ነኝ አትበል። አንደኛ፣ ደኅና የሚባሉት ፈንዶች መነሻ 500 ወይም 1,000 ይጠይቃሉ፤ ከበሩ ትመለሳለህ። ሁለተኛ፣ ቢከፈትልህም በእያንዳንዱ ግዢ 2 ይቆረጥብሃል፤ ከገንዘብህ 10 በመቶው ሥራ ሳይጀምር ሄደ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ስለዚህ 1,000 እስኪሞላልህ በቁጠባ ሂሳብ አስቀምጥ፤ ያኔ አንዴ ትገዛለህ፣ አንዴ ትከፍላለህ። አራተኛ፣ ትንሽ ገንዘብ አድጎም ትንሽ ነው፤ ጊዜህን ገቢህን በማሳደግ ላይ አውለው።»

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው ጽሑፍ ፍሬ ነገር በጸሐፊው ቃል ይኸው ነው። ጸሐፊው ክፍያን ከቁም ነገር መቁጠራቸውን አደንቃለሁ፤ ስለ ኢንቨስትመንት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ትርፉን እያወራ ወጪውን ይዘለዋል። ስሌታቸው ግን ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆሟል። ምክራቸውን አምኖ አራት ዓመት የሚጠብቅ ሰው ይኖራል ብዬ ስለምሰጋ ቀሪውን ግማሽ እዚህ ላስላው። ቁጥሮቹን አንባቢ በሚጠቀምበት በየትኛውም ገንዘብ ሊወስዳቸው ይችላል፤ ቁም ነገሩ ያለው በመካከላቸው ባለው ምጣኔ ላይ ነው።

ከመነሻው ገንዘብ ልጀምር። ፈንድ ስል የብዙ ሰዎችን ገንዘብ አሰባስቦ አክሲዮንና የመሳሰለውን የሚገዛ የጋራ ቋት ማለቴ ነው፤ ድርሻ የምለውም ከዚያ ቋት የሚገዛውን ክፋይ ነው። «ዝቅተኛ መነሻ» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው በአንድ ጊዜ ገንዘብ አስገብቶ የሚገዛን ሰው ነው። ብዙ የፈንድ አስተዳዳሪዎች በየወሩ ቋሚ የክፍያ ትእዛዝ ለሚፈርም ሰው ያንን መነሻ ይተዉለታል ወይም በእጅጉ ይቀንሱለታል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ በየወሩ ሳያቋርጥ የሚመጣ ደንበኛ ዛሬ ትንሽ ቢሆንም ነገ ትልቅ ይሆናል። ይህ ቃል ግን ብዙ ጊዜ በትልቁ አይጻፍም። የፈንዱን ዝርዝር መግለጫ ከፍቶ «በየወሩ ለሚያስገቡ» ወይም «የቁጠባ ዕቅድ» የሚለውን አንቀጽ መፈለግ፣ ካልተገኘም ደውሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሌላው መንገድ ያንኑ ፈንድ በአገናኝ ተቋም፣ ማለትም ለደንበኞቹ አክሲዮንና ፈንድ በሚገዛና በሚሸጥ ድርጅት በኩል መግዛት ነው። አገናኙ የብዙ ደንበኞችን ገንዘብ አጠራቅሞ በአንድ ትእዛዝ ስለሚገዛ፣ ፈንዱ የሚጠይቀውን መነሻ የሚያሟላው እሱ ነው። በአክሲዮን ገበያ ላይ የሚሸጥ ፈንድ ከሆነ ደግሞ መነሻው የአንድ ድርሻ ዋጋ ነው፤ አገናኙ ድርሻን ከፋፍሎ የሚሸጥ ከሆነ ከዚያም ያነሰ ይሆናል።

ድርሻን ከፋፍሎ መሸጥ የስልክ መተግበሪያዎች ያመጡት አዲስ ነገር የሚመስላቸው አሉ። የኒው ዮርክ አክሲዮን ገበያ ግን እ.ኤ.አ. በ1954 ወርሃዊ የኢንቨስትመንት ዕቅድ ሲጀምር በየሦስት ወሩ 40 ዶላር የሚያስገባ ሰው ጭምር ይቀበል ነበር፤ ገንዘቡ ሙሉ አክሲዮን ባይገዛም የደረሰበትን ያህል ክፋይ በስሙ ይመዘገብለት ነበር። በሩ ለትንሽ ገንዘብ ከተከፈተ ሰባ ዓመት አልፎታል ማለት ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ ለጸሐፊው የምተውላቸው ነገር አለ። ሁሉም ፈንድ መነሻውን አይተውም፤ የተወውም ቢሆን ቅድመ ሁኔታ አለው። ክፍያው በሚወጣበት ቀን የባንክ ሂሳቡ ባዶ ሆኖ ከተገኘ ባንኩ ለተመለሰው ትእዛዝ ሊያስከፍል ይችላል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገምም ዕቅዱ ይሰረዛል። «ዝቅተኛ ቀሪ ሂሳብ» የሚባል ሌላ መስመርም አለ፤ ሂሳቡ ከተወሰነ መጠን በታች እስካለ ድረስ በየዓመቱ ተጨማሪ ክፍያ ያስቆርጣል። መነሻ የለንም እያሉ በዚህ መስመር የሚያስከፍሉ ስላሉ ሁለቱን አንድ ላይ ማንበብ ይገባል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስመጣ ጸሐፊው ያሉት እኔው ላይ ደርሷል፤ ሐሰት ነው ልል አልችልም። ስጀምር በየወሩ 20 ከባንክ ሂሳቤ ወጥቶ ፈንድ እንዲገዛልኝ አዘዝኩ። በዓመቱ መጨረሻ 240 አስገብቼ የሂሳብ መግለጫዬ ላይ 209 አየሁ። ገበያው የወደቀ መሰለኝና ዝም ብዬ መጠበቅ ጀመርኩ። ቆይቼ የፈንዱን የድርሻ ዋጋ ሳመሳክር ዓመቱን ሙሉ ቀስ እያለ ወደ 5 በመቶ ገደማ ወጥቷል። የወደቀ ነገር አልነበረም። 12 ጊዜ በመግዛቴ 24 ተቆርጦብኛል፤ በዚያ ላይ ሂሳቡን ለመያዝ በየወሩ 1፣ በድምሩ 12 ተወስዶብኛል። ከ240ው 36 ወጥቶ 204 ቀረ፤ የገበያው ዕድገት 5 ያህል ጨምሮበት 209 ሆነ። ካስገባሁት 15 በመቶ የሄደው በክፍያ ነው፤ ይህ ጸሐፊው ካሉትም ይብሳል።

ይህን ያወቅኩበትን መንገድ ልናገር፣ ማንም ሰው በአሥር ደቂቃ ሊሠራው ይችላል። የሂሳብ መግለጫዬ ላይ በአንዱ የግዢ ቀን የተገዛልኝን የድርሻ ብዛት በዕለቱ የድርሻ ዋጋ አባዛሁት፤ 18 መጣ። የላክሁት 20 ስለነበር ልዩነቱ የግዢው ክፍያ ነው። ቀጥሎ በሁለት ግዢዎች መካከል የድርሻዬን ብዛት አየሁ። ምንም ሳልሸጥ ትንሽ ቀንሷል፤ የሂሳብ መያዣው ክፍያ ድርሻዬን እየሸጠ ነበር የሚወሰደው። በሦስተኛ ደረጃ መታየት ያለበት የተገዛበት ዋጋ ነው። አገናኙ ኮሚሽን የለም እያለ፣ በአክሲዮን ገበያ ላይ የሚሸጠውን ፈንድ በዚያው ሰዓት ገበያው ላይ ከነበረው ዋጋ ከፍ አድርጎ የሚሸጥልህ ከሆነ ክፍያው ዋጋው ውስጥ ተደብቋል። በእርግጥ በገበያ ላይ በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ሁልጊዜ ጥቂት ልዩነት ይኖራል፤ የሚያሳስበው ልዩነቱ በየግዢው 1 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው።

ታዲያ በቁጥሩ ከተስማማን የምንለያየው የት ላይ ነው? ጸሐፊው 2ቱን የወር ክፍያ አድርገው ቆጥረውታል። 2ቱ ግን የሚከፈለው ለእያንዳንዱ ግዢ ነው። በወር 20 የሚያስቀምጥ ሰው በየወሩ መግዛት የለበትም፤ መቆጠብና መግዛት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ክፍያው ቋሚ ቁጥር ሳይሆን የመቶኛ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከግዢው 1 በመቶ የሚወስድ ተቋም ከ20 ላይ 0.2፣ ከ1,000 ላይ 10 ይወስዳል፤ እዚያ በማጠራቀም የሚተርፍ ነገር ስለሌለ በየወሩ መግዛት ነው የሚሻለው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በድብልቁ ላይ ነው። «0.5 በመቶ፣ ከ2 ያላነሰ» ተብሎ ሲጻፍ ዓይን የሚይዘው 0.5ቱን ነው። ግዢው 400 እስኪደርስ ድረስ ግን የሚሠራው 2ቱ ነው፤ ለትንሽ ገዢ ይህ ቋሚ ክፍያ ነው። ያለ ኮሚሽን የሚያስገዙም አሉ፤ በአሜሪካ ትልልቆቹ አገናኞች እ.ኤ.አ. በ2019 የአክሲዮን ግዢ ኮሚሽንን ወደ ዜሮ አውርደዋል። እንዲህ ያለ ተቋም የሚያገኝ ሰው ከላይ እንዳልኩት የዋጋውን ልዩነት ካጣራ በኋላ በየወሩ ይግዛ፤ የሚቀጥለው ስሌት ለእሱ አያስፈልገውም።

ትልቁ ልዩነታችን ሦስተኛው ነጥብ ላይ ነው፤ ሰዎች የሚከተሉትም እሱን ነው። ጸሐፊው አንድ ጊዜ መክፈልን ከ50 ጊዜ መክፈል ጋር አወዳድረው አንዱን መረጡ። የመጠበቅን ዋጋ ግን አልደመሩም። እንደምረው። ፈንዱ ከቁጠባ ሂሳቡ ወለድ በዓመት በ4 በመቶ ይበልጣል እንበል፤ በወር አንድ ሦስተኛ በመቶ ማለት ነው። ይህ ግምት ነው። ፈንዱ ከቁጠባው የሚያንስባቸው፣ እንዲያውም የሚወርድባቸው ዓመታት ይኖራሉ። ነገር ግን ጸሐፊው ራሳቸው ገንዘቡ ወደ ፈንዱ እንዲገባ የሚመክሩት በረጅሙ ይበልጣል ብለው ስለሆነ በግምቱ እንደማይከፉ አምናለሁ።

በወር 20 ሲጠራቀም 1,000 የሚሞላው በ50 ወር፣ ማለትም ከአራት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የመጀመሪያዋ 20 ለ49 ወር ትጠብቃለች፤ የመጨረሻዋ ምንም አትጠብቅም። በአማካይ እያንዳንዷ 24 ወር ተኩል ትጠብቃለች። በወር አንድ ሦስተኛ በመቶ ሲታሰብ ያመለጠው 8.2 በመቶ ይሆናል፤ ከ1,000 ላይ 82። ለግዢው የሚከፈለውን 2 ስንጨምርበት 84 ደረሰ። በየወሩ የሚገዛው ሰው ከ1,000ው 100 ያጣል፣ የጸሐፊውን ምክር የተከተለው ደግሞ 84። ከአንዱ ጥግ ተነሥተን ወደ ሌላው ጥግ ሄደን ያተረፍነው 16 ብቻ ነው።

አሁን መሐሉን እንየው። በየስድስት ወሩ የሚገዛ ሰው 120 አጠራቅሞ 2 ይከፍላል፤ እያንዳንዷ 20 በአማካይ ሁለት ወር ተኩል ስለጠበቀች ያመለጠው 1 ነው። ጠቅላላ 3፣ ማለትም 2.5 በመቶ። በየስምንት ወሩ ቢገዛ 160 ላይ 2 ከፍሎ በመጠበቅ 1.9 ያህል ያመልጠዋል፤ 2.4 በመቶ ይሆናል። በዓመት አንድ ጊዜ ቢገዛ 240 ላይ 2 ከፍሎ 4.4 ያመልጠዋል፤ 2.7 በመቶ ገደማ። ከስድስት ወር እስከ ዓመት ባለው ቦታ ሁሉ ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስለዚህ ትክክለኛዋን ወር አገኛለሁ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ከሁለቱ ጥጎች መራቅ ይበቃል።

የስምንት ወሩን ስሌት ልብ ብሎ ያየ ሰው ክፍያውና በመጠበቅ ያመለጠው እኩል ሊሆኑ ምንም እንዳልቀራቸው ያስተውላል፤ 2 እና 1.9። ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ጠቅላላ ወጪው ዝቅ የሚለው ሁለቱ ሲተካከሉ ነው። ክፍያው ከመጠበቁ የሚበልጥ ከሆነ ገና ነህ፣ ቆይ፤ መጠበቁ ከክፍያው ከበለጠ ዘግይተሃል፣ ግዛ። በቀመር ለሚፈልግ፦ የግዢውን ክፍያ እጥፍ አድርጎ ወርሃዊው መዋጮ በወርሃዊው የዕድገት ልዩነት ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር ያካፍል፣ ከዚያ የውጤቱን ስኩዌር ሩት ይውሰድ። በእኛ ምሳሌ 4 ለ0.067 ሲካፈል 60 አካባቢ ነው፤ ስኩዌር ሩቱ ወደ 8 ይጠጋል። የቁጠባ ወለዱ ጥሩ ሆኖ ልዩነቱ በዓመት 2 በመቶ ብቻ ከሆነ ውጤቱ 11 ወር ይሆናል። መዋጮው 100 ከሆነ ግን በየሦስት አራት ወሩ መግዛት ይበቃል። 50 ወር እንዲመጣ ከተፈለገ በፈንዱና በቁጠባው መካከል ያለው ልዩነት በዓመት ከ0.1 በመቶ ማነስ አለበት፤ ልዩነቱ ያን ያህል ካነሰ ደግሞ ፈንዱን መግዛቱ ራሱ ለምን ያስፈልጋል?

እኔ በሁለተኛው ዓመት ያደረግሁት ይህንን ነው። በየወሩ የሚያስከፍለውን ሂሳብ ሸጬ ዘጋሁ፤ ለሽያጩም 2 ተከፈለ። ወርሃዊ መያዣ ወደማይጠይቅ፣ በምትኩ ካለኝ ገንዘብ በዓመት 0.6 በመቶ ወደሚወስድ ተቋም ሄድኩ። ደመወዝ በገባ ማግስት 20 ወደ ተለየ የቁጠባ ሂሳብ ትሄዳለች፤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አስቀድሜ በቆረጥኳቸው ቀኖች፣ ዋጋው ወጣ ወረደ ሳልል 120ውን እገዛበታለሁ። በዚያ ዓመት ለግዢ 4፣ ለመያዣ 2 የማይሞላ ከፈልኩ፤ በመጠበቅ ያመለጠኝም 2 ገደማ ነው። 36 የነበረው ወጪ መጠበቁ ተቆጥሮም ወደ 8 ወረደ። የተቀየረው የግዢው ቀንና የክፍያው ዓይነት ነው እንጂ የማስቀምጠው አልጨመረም።

ይህ መንገድም ጉድለት አለው። ለስድስት ወር የምትጠራቀመው 120 በእጅ ያለች ገንዘብ ናት፤ በአምስተኛው ወር አንድ ነገር ሲያጋጥም መጀመሪያ የምትነካው እሷ ናት። ራሱን የሚያውቅና ገንዘቡ እንደማይቆይለት የሚያምን ሰው ክፍያው ከፍ ቢልበትም በየሦስት ወሩ ቢገዛ ይሻለዋል። በየሦስት ወሩ 60 ላይ 2 መክፈል ከነመጠበቁ 3.7 በመቶ ነው፤ የወሩን ግማሽ እንኳ አያህልም። ጸሐፊው በቁጠባ ሂሳብ ማስቀመጥን ማንሳታቸውም መሠረት አለው። ለድንገተኛ ነገር የሚሆን የጥቂት ወር ወጪ ያልያዘ፣ ወይም በዓመት 18 በመቶ ወለድ የሚከፍልበት ዕዳ ያለበት ሰው 20ዋን ወደ ፈንድ መውሰድ የለበትም። በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ የሚያስፈልግ ገንዘብም ቦታው ቁጠባ ነው፤ ፈንዱ ወርዶ ባለበት ወቅት ለመሸጥ እንዳይገደድ። ይህ ግን ከ1,000 መሙላት አለመሙላት ጋር አይገናኝም። ዕዳ ያለበት ሰው 1,000 ቢሞላለትም መልሱ ያው ነው።

በአራተኛው ነጥብ ላይ ብዙ አልከራከርም። በወር 20 በዓመት 5 በመቶ እያደገ በአሥር ዓመት ወደ 3,000 ይደርሳል፤ ከዚያ ውስጥ 2,400ው ሰውየው ራሱ ያስገባው ነው። በሠላሳ ዓመት 7,200 ገብቶ ወደ 16,000 ይጠጋል፤ የዋጋ ንረት ደግሞ ከዚያ ላይ የራሱን ይወስዳል። በዚህ ባለጠጋ የሚሆን የለም፤ ገቢን ማሳደግ ከየትኛውም ፈንድ ምርጫ ይበልጣል የሚሉትም እውነት ነው። ግን ገቢው ያደገለት ሰው መዋጮውን ከ20 ወደ 100 ሲያሳድግ የሚያስገባበት ሂሳብ የትኛው ነው? መግለጫ ማንበብንና ክፍያ ማመሳከርን በ20 ካልተማረው በ100 ሲማረው ስህተቱ አምስት እጥፍ ያስከፍለዋል። የእኔን የ36 ትምህርት በትልቅ ገንዘብ ብማረው ኖሮ ዛሬም ይቆጨኝ ነበር።

ጸሐፊው ያላነሱት፣ ለሠላሳ ዓመት ግን ከግዢው 2 የሚከብድ ክፍያ አለ፤ ፈንዱ በየዓመቱ ካለው ገንዘብ ላይ የሚወስደው የአስተዳደር ክፍያ። ከላይ ያለው የ16,000 ስሌት በዓመት 1 በመቶ ተጨማሪ ክፍያ ቢኖርበት፣ ማለትም ዕድገቱ ከ5 ወደ 4 በመቶ ቢወርድ፣ 13,500 አካባቢ ላይ ይቆማል። ከመጨረሻው ገንዘብ 15 በመቶ በላይ ሄደ ማለት ነው፤ በየስድስት ወሩ የሚገዛ ሰው ለግዢና ለመጠበቅ ከሚያጣው 2.5 በመቶ ስድስት እጥፍ ያህል። የግዢው ክፍያ መግለጫው ላይ ተጽፎ ስለሚታይ ያናድዳል። ዓመታዊው መቶኛ ግን የድርሻው ዋጋ ከመገለጹ በፊት ከውስጡ ስለሚቀነስ በየትኛውም መስመር ላይ አይታይም፤ የሚገኘው በፈንዱ ዝርዝር መግለጫ ውስጥ «ዓመታዊ ወጪ» በሚለው ቦታ ነው።

ተቋሙ ሂሳቡን ለመያዝ የሚጠይቀው ክፍያም እንዲሁ እያደረ ይለዋወጣል። በዓመት 12 ቋሚ የሚጠይቀው የመጀመሪያው ሂሳቤ 240 ላይ 5 በመቶ ነበር፤ 6,000 ላይ ግን 0.2 በመቶ ብቻ ይሆናል። አሁን ያለሁበት 0.6 በመቶ ደግሞ 240 ላይ ወደ 1.4 ያህል ነው፤ 6,000 ላይ 36 ይሆናል። ሁለቱ የሚተካከሉት 2,000 ላይ ነው። በትንሽ ገንዘብ ሲጀመር መቶኛው፣ ገንዘቡ ሲያድግ ቋሚው ይሻላል። ሆኖም 2,000 በሞላ ዕለት ዘሎ መሄድ አይገባም። ለመውጣት የሚጠየቀው ክፍያ፣ ለምሳሌ 15 ከሆነ፣ 2,100 ላይ በዓመት ከሚተርፈው ከ1 በታች ጋር ሲነጻጸር ብዙ ነው፤ 3,500 ላይ ግን በዓመት 9 ስለሚተርፍ በሁለት ዓመት ውስጥ ተመልሶ ያልፋል። የእኔ ሂሳብ እዚያ ገና አልደረሰም፤ የመውጫ ክፍያውን ግን ከአሁኑ ጠይቄ መግለጫዎቼን በማስቀምጥበት ማኅደር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ።